ውሉ አበቃ እንጂ ሰውየው አልተባረረም

(በደብረ ማርቆስ ከተማ ለፕሮጀክት የአስተዳደርና የሰው ሀብት ሠራተኞች በተዘጋጀ የአንድ ቀን ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር፤ ከጥቂት ማስተካከያ በቀር እንደተነገረ የተጻፈ)

የተከበራችሁ የሙያ አጋሮቼ፣ እንደምን አደራችሁ! ከዳንግላና ከእንጅባራ ገና ሳይነጋ የተነሣችሁ፣ ከሞጣና ከቢቸና በሚኒባስ ተጨናንቃችሁ የደረሳችሁ፣ ከዚሁ ከማርቆስም ብትሆኑ ሥራችሁን ትታችሁ የመጣችሁ ሁሉ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አዘጋጆቹ ስለ ሰው ሀብት አስተዳደር በሰፊው እንድናገር ጋብዘውኝ ነበር። እኔ ግን ከሰፊው ይልቅ አንዲት ገጽ ይዤ መጥቻለሁ፤ እርስዋም የጊዜ ገደብ ባለው ውል ተቀጥሮ ሲሠራ ለቆየ የፕሮጀክት ሠራተኛ፣ የውሉ ጊዜ ሲደርስ የምንሰጠው ደብዳቤ ናት።

አንዲት ገጽ ለምን የአንድ ሰዓት ንግግር ያስፈልጋታል የሚል ካለ፣ መልሴን በአንድ ታሪክ ልጀምር።

ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት በዚሁ በምሥራቅ ጎጃም በአንድ የተፈጥሮ ሀብት ፕሮጀክት ውስጥ ጀማሪ የአስተዳደር ሠራተኛ ነበርሁ። የችግኝ ጣቢያ ሠራተኞቻችን የአንድ ዓመት ውላቸው ሲያልቅ፣ ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ትቶት ከሄደው ፋይል አንድ ደብዳቤ አወጣሁና ስማቸውን እየቀያየርሁ ለሁሉም ጻፍሁ። ደብዳቤው ሁለት መስመር ነበረ፤ «ከሐምሌ 1 ቀን ጀምሮ ከሥራ የተሰናበቱ መሆኑን እያስታወቅን፣ በእጅዎ የሚገኝ ማንኛውንም የድርጅቱን ንብረት በአስቸኳይ እንዲያስረክቡ እናሳስባለን» ይላል። ፈረምሁ፤ ማኅተም አሳረፍሁበት፤ ላክሁት። ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

በቀጣዩ ቅዳሜ፣ በገበያ ቀን፣ ጋቢያቸውን የደረቡ አንድ ሽማግሌ ቢሮዬ ገብተው ቁጭ አሉ። ከሠራተኞቹ የአንዱ አባት ናቸው። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና፣ «ልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ፤ የእኔ ልጅ ምን ሰረቀ?» አሉኝ። ልብ በሉ፤ ምን አጠፋ አላሉኝም። ምን ሰረቀ አሉኝ። «ኧረ አባቴ፣ ምንም አልሰረቀም፤ የውሉ ጊዜ ስላለቀ ነው» አልኋቸው። ከጋቢያቸው ውስጥ በአራት የታጠፈውን ደብዳቤ አወጡና ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት። «ታዲያ ይህ ምን ይላል? የነፍስ አባታችን ናቸው ያነበቡልኝ። ተሰናበተ ይላል። ንብረት በአስቸኳይ መልስ ይላል። ዋስ የሆነው አጎቱም ትናንት መጥቶ ‹ምን አስከፈለኝ?› ብሎ ሄደ።»

ጓደኞቼ፣ ያን ጊዜ ምን ልመልስላቸው? የጻፍሁት እኔ ነኝ። ያነበቡት ደግሞ የተጻፈውን ነው። ወዲያውኑ ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፍሁላቸውና ይዘው ሄዱ። ዛሬ የማካፍላችሁ ያ ሁለተኛ ደብዳቤ ባለፉት ዓመታት እየተሻሻለ የደረሰበትን መልክ ነው። ስለ ቃሉ፣ ስለ ምክንያቱና ስለ ቀኑ በየተራ እናገራለሁ፤ ከዚያም አንድ ደብዳቤ አብረን መስመር በመስመር እናነባለን።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውል የሚቋረጥባቸውን መንገዶች ለየብቻ ያስቀምጣቸዋል። አንቀጽ 24 በሕግ ስለሚቋረጥ ውል የሚናገር ሲሆን፣ ለተወሰነ ጊዜ ወይም ለተወሰነ ሥራ የተደረገ ውል ጊዜው ሲያበቃ ወይም ሥራው ሲያልቅ የሚያከትመው በዚህ አንቀጽ ነው። አሠሪው በራሱ ውሳኔ ሠራተኛን ስለሚያሰናብትበት ሁኔታ የሚናገሩት ደግሞ ከአንቀጽ 26 ጀምሮ ያሉት ናቸው። እነዚህ ሁለት የተለያዩ በሮች ናቸው። በመጀመሪያው በር የሚወጣን ሰው ማንም አላስወጣውም፤ ሁለቱ ወገኖች መጀመሪያውኑ የተስማሙበት ቀን ደረሰ እንጂ። በሁለተኛው በር የሚወጣውን ግን አንድ ሰው ወስኖ አስወጥቶታል። እኔ በዚያን ጊዜ ያደረግሁት በመጀመሪያው በር ለሚወጣ ሰው የሁለተኛውን በር ደብዳቤ መስጠት ነው።

ለመሆኑ አንባቢውን በተሳሳተው በር የሚወስዱት የትኞቹ ቃላት ናቸው?

አንደኛው «ስንብት» ነው። ስንብት በጥንቱ አማርኛ ያማረ ቃል ነው፤ እንግዳ ተሰናብቶ ይሄዳል። በቢሮ አማርኛ ግን «ተሰናበተ» ማለት «ተባረረ» የሚለው ቃል ልብስ ለብሶ ሲመጣ ማለት ነው። ስለዚህ በጉዳዩም፣ በደብዳቤው አካልም አትጻፉት።

ሁለተኛው «ተቋርጧል» የሚለው ነው። እዚህ ላይ ሕግ የተማሩ ሊከራከሩኝ ይችላሉ፤ አዋጁ ራሱ ጊዜው ያለፈበትንም ውል «ይቋረጣል» ስለሚል። ልክ ናቸው። ነገር ግን ሕጉ ለዳኛ የተጻፈ ሲሆን ደብዳቤው የሚጻፈው ለሠራተኛው ነው። መብራት ሲቋረጥ ያቋረጠው አካል አለ፤ ውሃም እንዲሁ ነው። «ውልዎ ተቋርጧል» የተባለ ሰው ማን እንዳቋረጠበትና ለምን እንዳቋረጠበት ይጠይቃል። «ውልዎ ያበቃል» ሲባል ግን የሚጠየቅ ሌላ ሰው የለም። «አንቀጽ 24» ብሎ መጥቀስ ካስፈለገ ይጠቀስ፤ ግሡ ግን «ያበቃል» ይሁን።

ሦስተኛው ሁላችንም ሳናስተውለው የምናልፈው ነው። ሕጉ አስቀድሞ ማሳወቅን «ማስጠንቀቂያ» ይለዋል። በየቢሮአችን ግን «የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ» ማለት አርፍዶ ለመጣ፣ ሥራ ለበደለ ሰው የሚሰጥ ነው። እስቲ አስቡት፤ ለሁለት ዓመት ያለ አንዳች ነቀፋ የሠራ ሰው «ጉዳዩ፦ ማስጠንቀቂያ ስለ መስጠት» የሚል ወረቀት ሲደርሰው! ይህን አንድ ጊዜ በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ሠራተኛዋ ጉዳዩን ብቻ አንብባ የቀረውን ሳታየው አለቀሰች። «ማሳወቅ» በቂ ቃል ነው።

አራተኛው «ውልዎ እንዳይታደስ ተወስኗል» የሚለው ነው። «ተወስኗል» ካላችሁ ስብሰባ ተቀምጧል፣ ስሙ ተነሥቷል፣ አንድ ሰው «ይህ ይቅር» ብሏል ማለት ነው። እኛ ደግሞ የቅኔ አገር ሰዎች ነን፤ ሰሙ ሥር ወርቅ ሳይፈልግ የሚያልፍ አንባቢ በጎጃም ብዙ የለም። ስለዚህ ወርቅ የሌለውን ዓረፍተ ነገር መጻፍ የእኛ ሥራ ነው።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ፣ ወደ ምክንያቱ ልለፍ።

ብዙ ጊዜ ደግ ሰዎች ስንሆን እንሳሳታለን። «ጊዜው አልቋል» ማለት ደረቅ ይመስለንና ማለስለሻ እንጨምርበታለን። «በበጀት እጥረት ምክንያት» እንላለን፤ «በመዋቅር ለውጥ ምክንያት» እንላለን። እነዚህ ግን ማለስለሻዎች አይደሉም፤ በሕጉ ውስጥ የራሳቸው ቦታና የራሳቸው ውጤት ያላቸው ምክንያቶች ናቸው። ድርጅት በአቅምና በአደረጃጀት ምክንያት ሠራተኛ ሲቀንስ የሚከተለው ሥርዓት አለው፤ ክፍያም ይከተለዋል። ቀኑ ደርሶ ያበቃን ውል «በበጀት እጥረት» ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ ሠራተኛው በደብዳቤያችሁ ይዞ ቢሟገታችሁ በምን ትመልሳላችሁ? በገዛ ፊርማችሁ የሠራተኛ ቅነሳ አድርጋችኋል።

ስለዚህ ምክንያቱ አንድ ብቻ ይሁን፤ እርሱም በውሉ ላይ የተጻፈው ይሁን። ውሉ ቀን ከጻፈ ምክንያቱ ቀኑ ነው። ውሉ «የመስኖ ቦዩ ሥራ እስኪጠናቀቅ» ካለ ምክንያቱ የሥራው መጠናቀቅ ነው፤ እንዲህ ከሆነ ሥራው መጠናቀቁን የሚያሳየውን ሰነድ፣ ለምሳሌ የርክክብ ቃለ ጉባኤውን፣ ከነቀኑ ጥቀሱ።

«ፕሮጀክቱ ስለ ተጠናቀቀ» ማለትስ ምን ነውር አለው የሚል ይኖራል። ነውር የሚኖረው ፕሮጀክቱ ሳይጠናቀቅ ሲቀር ነው። በአንድ ድርጅት ሁለት የማኅበረሰብ አመቻቾች ነበሩ፤ የሁለቱም ውል በአንድ ቀን ያበቃል። በመጨረሻው ወር ለጋሹ ለስድስት ወር ማራዘሚያ ፈቀደ፤ ገንዘቡ ግን ለአንድ አመቻች ብቻ የሚበቃ ነበር። ለአንደኛው አዲስ ውል ተሰጠው፤ ለሁለተኛው ደግሞ «ፕሮጀክቱ ስለ ተጠናቀቀ» የሚል ደብዳቤ ደረሰው። ሰውየው በማግስቱ የፕሮጀክቱ መኪና በተለመደው መንገድ ስትሄድ አያት። ከዚያ በኋላ ምን ብትሉት ያምናችኋል? ደብዳቤው «በውልዎ የተወሰነው ጊዜ ያበቃል» ቢል ኖሮ እውነት ይሆን ነበር። አንዱ ለምን እንደ ቀረ፣ ሌላው ለምን እንደ ሄደ የሚገልጽ ንግግር ግን በደብዳቤ ሳይሆን ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚደረግ ነው፤ መደረግም አለበት።

አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንዶቻችሁ «ውልዎ የሚያበቃው በጥፋት ወይም በሥነ ምግባር ጉድለት ምክንያት አይደለም» የሚል ዓረፍተ ነገር ትጨምራላችሁ። ሐሳቡ መልካም ነው፤ እኔም ለዓመታት ስጽፈው ነበር። አሁን ትቼዋለሁ። «ሌባ አይደለህም» ብሎ ሰላምታ የሚሰጥ ሰው የለም። ያልተነሣን ጥርጣሬ ስንክደው እናነሣዋለን። «የተወሰነለት ጊዜ በመድረሱ» ካላችሁ ምክንያቱን ተናግራችኋል፤ ያልሆነውን መዘርዘር አያስፈልግም።

ሦስተኛው ነጥብ ቀኑ ነው። እዚህ ላይ ጠለቅ ብዬ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ስሕተቱ ትንሽ፣ ዋጋው ግን ትልቅ ነው።

አንድ የመጠጥ ውሃ ፕሮጀክት ነበር። ከለጋሹ ጋር የተፈረመው ስምምነት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነውና ማብቂያው ጁን 30 ቀን 2022 ይላል። የአመቻቹ ውል ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ከሰኔ 24 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለሁለት ዓመት ነው። ደብዳቤውን ያረቀቀው ልጅ ከለጋሹ ሰነድ ላይ «ጁን 30» የሚለውን አየና «ሰኔ 30» ብሎ ጻፈው። አሳሳቹ ነገር ሰኔ 30 ራሱ የታወቀ ቀን መሆኑ ነው፤ የመንግሥት በጀት ዓመት የሚዘጋበት ስለሆነ ለማንም አዲስ አይሆንበትም። ፈራሚውም አልጠረጠረውም። ነገር ግን ጁን 30 በእኛ ሰኔ 23 ነው። ሰኔ 30 የሚውለው ጁላይ 7 ነው። በመካከሉ ሰባት ቀን አለ።

ሠራተኛው ደብዳቤውን አምኖ ከሰኔ 24 እስከ ሰኔ 30 ድረስ ሠራ፤ ሁለት ቀበሌ ወርዶ የውሃ ኮሚቴ ስብሰባ መርቷል። ደመወዝ ሲጠይቅ የፋይናንስ ክፍሉ «ፕሮጀክቱ ጁን 30 ተዘግቷል፤ ከዚያ በኋላ የወጣን ወጪ ለጋሹ አይቀበልም» አለው። እስቲ ፍረዱ፤ የሠራውን አይከፈልህም ሊባል ነው? በመጨረሻ ድርጅቱ ከራሱ ኪስ ከፈለ። የበለጠው አደጋ ግን ገንዘቡ አልነበረም። ውሉ ካበቃ በኋላ አሠሪው እያወቀ ሠራተኛው ሥራውን ከቀጠለ፣ «ውሌ ጊዜ የማይወሰንለት ሆኗል» የሚል ክርክር በር ይከፈታል፤ ሕጉ መነሻው ላይ የሥራ ውልን ላልተወሰነ ጊዜ እንደ ተደረገ ነውና የሚገምተው። አንድ የወር ስም ያመጣው ነገር ይህን ያህል ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ቀኑን የምትወስዱት ከሠራተኛው ውል ነው እንጂ ከለጋሹ ሰነድ አይደለም። ከዚያም ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ጻፉ። ሁለቱ ካልተገናኙ ደብዳቤው ከመፈረሙ በፊት ታገኙታላችሁ።

ደብዳቤው መቼ ይሰጥ? ላልተወሰነ ጊዜ የተቀጠረ ሰው ሲሰናበት ሕጉ እንደ አገልግሎቱ ዘመን ከአንድ ወር እስከ ሦስት ወር የማስጠንቀቂያ ጊዜ ይደነግጋል። ለተወሰነ ጊዜ ለተደረገ ውል ግን ጉዳዩን ለተዋዋዮቹ ስምምነት ይተወዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ውላችሁን ክፈቱና እዚያ የተጻፈ ጊዜ ካለ እርሱን ጠብቁ። ምንም ካልተጻፈ ደግሞ እኔ ከሠላሳ ቀን በታች አልሰጥም። ሰው ቤት ተከራይቷል፤ ልጅ ትምህርት ቤት አስገብቷል፤ ሠላሳ ቀን ብዙ አይደለም።

አሁን ደብዳቤውን እናንብብ። ከላይ ለነገርኋችሁ አመቻች መሰጠት የነበረበት ይህ ነው፤ ስሙን አቶ እገሌ እንበለው።

«ቁጥር፦ ……
ቀን፦ ግንቦት 23 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለአቶ እገሌ
የማኅበረሰብ አመቻች
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የሥራ ውልዎ የሚያበቃበትን ቀን ስለ ማሳወቅ

ሰኔ 24 ቀን 2012 ዓ.ም. በጋራ በፈረምነው የሥራ ውል በማኅበረሰብ አመቻችነት ለሁለት ዓመት መቀጠርዎ ይታወሳል። በውሉ የተወሰነው ጊዜ በመድረሱ ውሉ ሰኔ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጁን 30 ቀን 2022) ያበቃል። የመጨረሻው የሥራ ቀንዎም ይኸው ቀን ነው።

እስከዚህ ቀን ድረስ ያለው ደመወዝዎና ያልተጠቀሙበት የ11 ቀን የዓመት ፈቃድ ክፍያ፣ ውሉ ካበቃበት ቀን ጀምሮ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ ይከፈልዎታል። ዝርዝር ስሌቱ ከዚህ ጋር ተያይዟል።

በእጅዎ የሚገኙትን ሞተር ሳይክልና ታብሌት እስከ መጨረሻው የሥራ ቀንዎ ድረስ ለንብረት ክፍል እንዲያስረክቡ እንጠይቃለን። ርክክቡ እንደተፈጸመ የዋስትና ሰነድዎ ይመለስልዎታል። የሥራ ልምድ ማስረጃዎም በዚያው ቀን ይሰጥዎታል።

በሦስት ቀበሌዎች የውሃ ኮሚቴዎች ተቋቁመው ሥራቸውን በራሳቸው እንዲመሩ ስላበረከቱት አገልግሎት እናመሰግናለን።

ከሰላምታ ጋር»

ደብዳቤው በዚህ ያበቃል። አሁን ጥቂት ቦታዎችን ላሳያችሁ።

«በጋራ በፈረምነው» የሚለውን ተመልከቱ። ማብቂያውን ያመጣው የሁለቱም ፊርማ መሆኑን አንባቢው ከመጀመሪያው መስመር ያገኘዋል። «ያበቃል» የሚለው ግሥም ባለቤቱ ውሉ ነው። ድርጅቱ ባለቤት የሆነባቸው ግሦች «እንጠይቃለን»ና «እናመሰግናለን» ብቻ ናቸው። ይህን አንድ ጊዜ ልብ ካላችሁ የራሳችሁን ረቂቅ በቀላሉ ትፈትሹታላችሁ፤ ድርጅቱ በሰውየው ላይ አንድ ነገር ሲያደርግ የሚታይበት ዓረፍተ ነገር ካለ አስተካክሉት።

የ11ዱ ቀን ከየት መጣ? ሕጉ ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ይሰጣል፤ ከዚያም በየሁለት ተጨማሪ ዓመት አንድ ቀን እየጨመረ ይሄዳል። ሰውየው ሁለት ዓመት ሠርቷልና ጠቅላላ 32 ቀን ነበረው፤ ከዚህ 21ዱን ወስዷል። ደመወዙ 9,360 ብር ነበር። ድርጅቱ የቀን ሒሳብ የሚያወጣው ወሩን በ26 የሥራ ቀን አካፍሎ ስለሆነ ቀኑ 360 ብር ይመጣል፤ አሥራ አንዱ ቀን 3,960 ብር ማለት ነው፤ ግብሩ ከዚያ በኋላ ይታሰባል። ስሌቱን በአባሪ አድርጉት እንጂ ደብዳቤው ውስጥ አትጎትቱት፤ ቢሳሳት የሚታረመው አባሪው ይሆናል። ሰባቱን የሥራ ቀን ግን አትርሱ። ሕጉ የወሰነው ነው፤ ያለ በቂ ምክንያት ያዘገየ አሠሪም እስከ ሦስት ወር ደመወዝ እንዲከፍል ሊያስፈርድበት ይችላል።

ከፋይናንስ ክፍል «የሥራ ስንብት ክፍያ እንደማይመለከትዎ እናሳውቃለን» የሚል መስመር እንድትጨምሩ ይጠየቃል። አትጨምሩ። ይህ ክፍያ የሚገባበት ሁኔታ በአንቀጽ 39 ተዘርዝሯል፤ የሚገባ ከሆነ በሕግ ባለሙያ ታይቶ በስሌቱ ውስጥ ይገባል፤ የማይገባ ከሆነ ደግሞ ያልተጠየቀን መከልከል ምን ይጠቅማል? በዚያ ላይ በኋላ በር ያስወጣነውን «ስንብት» በፊት በር መልሳችሁ አስገባችሁት።

ስለ ዋሱ የተጻፈችው አንዲት ዓረፍተ ነገር ለእኔ ከሁሉ ትበልጣለች። ያንን ሽማግሌ አስታውሱ። ዋስ የሆነው ሰው አጎት ነው፣ ጎረቤት ነው፣ የቤተ ክርስቲያን ወንድም ነው፤ ደብዳቤው ሲመጣ እርሱም ይደነግጣል። «ርክክቡ እንደተፈጸመ የዋስትና ሰነድዎ ይመለስልዎታል» ስትሉ ለሁለት ቤት ጻፋችሁ። ዕቃዎቹንም በስማቸው ጥሩ፤ ሞተር ሳይክል፣ ታብሌት። «ማንኛውንም ንብረት» የሚለው አባባል የጠፋ ነገር ያለ ያስመስላል።

ምስጋናውም እንዲሁ የተወሰነ ይሁን። «ላበረከቱት አስተዋጽኦ ሁሉ» ከሚለው ይልቅ ሰውየው የሠራውን አንድ ነገር ጥቀሱ። «ሌላ ፕሮጀክት ስናገኝ እንጠራዎታለን» ግን በፍጹም አትበሉ። ያንን ቃል ይዞ ሌላ ሥራ ሳይፈልግ ስምንት ወር የተቀመጠ ሰው አውቃለሁ።

ግልባጩስ? ለፋይናንስ፣ ለንብረት ክፍልና ለግል ማኅደሩ ይበቃል። በአንዳንድ ቢሮ ከግርጌ «ለጥበቃ ክፍል» የሚል ግልባጭ አያለሁ። ጥበቃው ምን ሊያደርግበት ነው? በር ላይ ሊመልሰው ነዋ! ከላይ በትሕትና የጻፋችሁትን ሁሉ ያቺ የመጨረሻ መስመር ታፈርሰዋለች።

የሥራ ልምድ ማስረጃው ራሱን የቻለ ሰነድ ነው፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አታዋሕዱት። በሕጉ አንቀጽ 12 መሠረት ሠራተኛው ይሠራ የነበረውን ሥራ፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ በነጻ የማግኘት መብት አለው። ቀጣዩ ቀጣሪ የሚያየው እርሱን ነው፤ በዚያ ላይ ለምን እንደ ለቀቀ መተረክ አያስፈልግም።

ስለ አሰጣጡ ባጭሩ ልናገር። በእጅ፣ በኤንቨሎፕ፣ ለብቻው አድርጋችሁ ስጡት፤ የቅርብ ኃላፊው በቃል ከነገረው በኋላ። በቀሪው ቅጅ ላይ «ደብዳቤው ደርሶኛል» ብሎ ይፈርም። «ተስማምቻለሁ» አታስብሉት፤ የሚስማማበት አዲስ ነገር የለም። መፈረም ካልፈለገም አታስጨንቁት፤ ሁለት ሰው ባለበት መስጠታችሁን በቃለ ጉባኤ ያዙ።

ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ። ይህ ደብዳቤ የማይሠራባቸው ቦታዎች አሉ። ውሉ ሊያበቃ ሦስት ወር እየቀረው ሠራተኛውን የምታስወጡት ከሆነ ያ በእውነት ስንብት ነው፤ በለሰለሰ ቃል አትሸፍኑት። የራሱ ምክንያትና ሥርዓት ያስፈልገዋል፤ ሕገ ወጥ ሆኖ ከተገኘም እስከ ውሉ ማብቂያ ይከፈለው የነበረውን ደመወዝ በካሣ መልክ ሊያስከፍል ይችላል፤ ጣሪያው የ180 ቀን ደመወዝ ነው። እንዲሁም የድርጅቱን ቋሚ ሥራ የሚሠራን ሰው፣ የቢሮ ጸሐፊን እንበል፣ በየዓመቱ ውል እያደሳችሁ አምስት ዓመት አቆይታችሁ በስድስተኛው ይህን ደብዳቤ ብትሰጡት አያድናችሁም። የተወሰነ ጊዜ ውል የሚፈቀድባቸው ሁኔታዎች በአንቀጽ 10 ተዘርዝረዋል፤ ዳኛም የሚያየው የሥራውን ባሕርይ ነው እንጂ የደብዳቤውን ውበት አይደለም። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያላችሁ ደግሞ የሚገዛችሁ ሕግ ሌላ ስለሆነ አንቀጾቹን ከእኔ አትውሰዱ፤ ስለ ቃሉና ስለ ቀኑ የተናገርሁት ግን ለእናንተም ይሆናል።

ሽማግሌው ሁለተኛውን ደብዳቤ ይዘው ከመውጣታቸው በፊት እንዳነብላቸው ጠይቀውኝ ነበር። ሁለት ጊዜ አነበብሁላቸው። በሁለተኛው ጊዜ «ያበቃል» ከሚለው ቃል ላይ ስደርስ አስቆሙኝና፣ «ይህችን ለዋሱም አሳያታለሁ» ብለው አጣጥፈው ያዙት።

እንግዲህ ከሻይ በፊት ሠላሳ ደቂቃ አለን። አዘጋጆቹ ከየቢሮአችሁ አንድ አንድ ደብዳቤ ስሙን ሸፍናችሁ እንድታመጡ ነግረዋችኋል። ከፊት ረድፍ ያለችው እኅታችን ሦስት ይዛለች፤ ከእርስዋ እንጀምር። መጀመሪያ ጉዳዩን ብቻ አንብቢልን።